ለጠና ሕመምተኛ የቱ ይሻላል? የጣት ስኳር መለኪያዎች ንጽጽር ከስትሪፑ ኢንዛይም ተነሥቶ

ጥቅምት ላይ ነው፤ የወባው ወቅት። አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ከሸዋ ሮቢት በታች ካለ ቀበሌ በአምቡላንስ ወደ እኛ፣ ወደ ደጋው ተላከች። ስትደርስ ታንቀላፋለች። የዓይኗ ቆብ ውስጡ ነጥቷል። ትንፋሿ ይፈጥናል። ጣቷ ላይ የተደረገው መለኪያ ኦክስጅኗን 78 ከመቶ አነበበ። ነርሷ ወዲያው ጣቷን ወግታ አርቢኤስ፣ ማለትም የደም ስኳር ምርመራ ሠራች። ስክሪኑ 56 ሚሊግራም በዴሲሊትር አለ።

በአምሳ ስድስት ማንም አይደነግጥም። በሕፃናት ድንገተኛ ሕክምና ግሉኮስ ስጡ የሚባለው ከ45 በታች ሲሆን ነው፤ በምግብ እጥረት ለተጎዳ ልጅ ደግሞ ከ54 በታች። 56 ከሁለቱም በላይ ነው። ስለዚህ ሁሉም ደም ፍለጋ ሮጠ። እኔ ላብራቶሪ ነበርኩ። ሄማቶክሪቷ፣ ማለትም ቀይ ሕዋሶች በደሟ ውስጥ ያላቸው ድርሻ፣ 14 ከመቶ ወጣ። ከደም ሥር የተቀዳው ናሙና ወዲያው ሴንትሪፊዩጅ ገብቶ ስኳሩ ሲሠራ 38 ሆነ።

ስልክ ደወልኩ። ሲስተር ዝም ብላ ቆየችና «ጋሼ፣ የተሳሳተው የናንተ ማሽን ነው የኛ?» አለችኝ።

የነሱ ነበር። ግን ማሽኑ አልተበላሸም። ስትሪፑም ጊዜው አላለፈም። የጠዋቱ ኮንትሮል ፈሳሽም በልኩ ነበር የወጣው። መለኪያው የተሠራው ለሌላ ዓይነት ሰው ነው፤ ተራምዶ ለሚመጣ፣ ደሙ ለሞላ፣ ኦክስጅኑ ለበቃ ሰው። የዛሬው ጽሑፍ በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ለድንገተኛ ክፍልና ለጽኑ ሕሙማን ክፍል መለኪያ ስትመርጡ፣ በተለይ እንደ ሰሜን ሸዋ ባለ ቆላና ደጋው በተጠጋጋ አገር፣ የትኛውን ትወስዳላችሁ?

የምትመርጡት ማሽኑን አይደለም

ሻጭ ሲመጣ የሚያሳያችሁ ማሽኑን ነው። ስክሪኑ ሰፊ ነው፤ አምስት መቶ ውጤት ይይዛል፤ በአምስት ሰከንድ ይመልሳል። ይሄ ሁሉ ጌጥ ነው። ሥራው የሚሠራው ስትሪፑ ጫፍ ላይ በደረቀች ቅንጣት ኢንዛይም ነው። ማሽኑ ከሷ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ቆጥሮ ወደ ቁጥር ይለውጣል እንጂ ስኳር አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሙ ወደ ስትሪፑ ሲሳብ ኢንዛይሙ ከግሉኮስ ላይ ኤሌክትሮን ይወስዳል። ብቻውን ግን ወደ ብረቱ አያደርሰውም። ተሸካሚ ያስፈልገዋል። ተሸካሚው በስትሪፑ ላይ አብሮ የተቀባ ኬሚካል ነው፤ በብዙዎቹ ፌሪሳያናይድ ወይም እሱን የመሰለ። ተሸካሚው ኤሌክትሮኑን ተቀብሎ ለብረቱ ያስረክባል። ብዙ ግሉኮስ፣ ብዙ ኤሌክትሮን፣ ከፍ ያለ ቁጥር።

ስለዚህ ቁጥሩ ልክ የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ኢንዛይሙ ከግሉኮስ ሌላ ስኳር መንካት የለበትም። ኤሌክትሮኑ መንገድ ላይ በሌላ መነጠቅ የለበትም። ግሉኮሱም ወደ ኢንዛይሙ በታሰበው ፍጥነት መድረስ አለበት። በጠና ሕመምተኛ ላይ ሦስቱም ይናጋሉ። የኢንዛይሞቹ ልዩነትም የትኛው በየትኛው እንደሚናጋ ነው።

የስትሪፑን ኢንዛይም ለማወቅ ሻጩን አትጠይቁት፤ አብዛኛው ሻጭ አያውቀውም። በስትሪፑ ካርቶን ውስጥ የተጣጠፈችውን ቀጭን ወረቀት አውጡ። በስትሪፑ ላይ ያሉት ኬሚካሎች የተዘረዘሩበት መስመር አለ፤ ኢንዛይሙ እዚያ በስሙ ተጽፏል።

ግሉኮስ ኦክሲዴዝ፦ ጥሩው፣ ግን ኦክስጅን የሚያማልለው

በጣም የቆየው ይሄ ነው። በርካሽ ስትሪፖችም ላይ አሁንም በብዛት አለ። ትልቅ ጥቅም አለው፤ ከግሉኮስ በቀር ሌላ ስኳር አይነካም ማለት ይቻላል። ማልቶስም ጋላክቶስም አያታልሉትም።

ጉዳቱ ስሙ ውስጥ ነው። ይህ ኢንዛይም በተፈጥሮው ኤሌክትሮኑን የሚያስረክበው ለኦክስጅን ነው። ፋብሪካው ተሸካሚ ኬሚካል አቀረበለት፤ ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን እዚያው ቆሞ ይሻማል። ሽሚያው በጤነኛ ሰው ጣት ደም ላይ ምን ያህል እንደሆነ ታስቦ ማሽኑ ተስተካክሏል። ከዚያ ሲወጣ ቁጥሩ ይዛባል።

ኦክስጅኑ ሲበዛ፣ ለምሳሌ በማሽን የሚተነፍስ ሰው የአርተሪ ደም ሲለካ፣ ኤሌክትሮኑ ወደ ኦክስጅን ይሸሻል። ቁጥሩ ከእውነቱ ዝቅ ይላል። ኦክስጅኑ ሲያንስ ተቃራኒው ነው። ተሻሚ ስለሌለ ተሸካሚው ብዙ ኤሌክትሮን ያገኛል። ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ይላል። የሚያሰጋው ይሄኛው ነው፤ ያነሰን ስኳር ይደብቃል። (በቀለም የሚያነቡት የቆዩ ስትሪፖች ላይ አቅጣጫው ይገለበጣል። እዚያ ኦክስጅኑ ራሱ የሥራው ግብዓት ነውና ሲያንስ ቁጥሩም ያንሳል።)

አሁን ይህን ወደ አገራችን አምጡት። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል ወደ 1,280 ሜትር ነው፤ ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር። በመካከላቸው ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በባሕር ዳርቻ አንድ ሰው የሚስበው አየር የኦክስጅን ግፊት ወደ 150 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 104 ይወርዳል። ጤነኛው የከተማው ሰው የአርተሪ ኦክስጅን ራሱ በ60ዎቹ አካባቢ ነው። የሳንባ ምች የያዘው ሰው ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ከቆላ በአምቡላንስ ጣርማ በርን አቋርጣ የመጣችው ልጅ በሁለት ሰዓት ውስጥ 1,500 ሜትር ወጥታለች። እታች ጤና ጣቢያው ላይ የተለካውና እዚህ የተለካው፣ ስትሪፑ አንድ ቢሆንም፣ በአንድ ሚዛን የተመዘነ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ባልደረባ የሚጠይቀኝ አለ፦ «ላብራቶሪያችሁስ በግሉኮስ ኦክሲዴዝ አይደል የሚሠራው?» አዎ፣ የብዙ ሆስፒታል የኬሚስትሪ ማሽን ያንኑ ኢንዛይም ይጠቀማል። ግን እዚያ 10 ማይክሮሊትር ፕላዝማ ከ1,000 ማይክሮሊትር ሪኤጀንት ጋር ነው የሚደባለቀው። ሪኤጀንቱ ከአየር የወሰደው ኦክስጅን ተርፎ ይፈስሳል። የሕመምተኛው ኦክስጅን ምንም ቦታ የለውም። ስትሪፑ ላይ ግን ደሙ ሳይበረዝ ነው የሚለካው።

ዲሃይድሮጂኔዝ፦ ኦክስጅንን የማያውቀው ቤተሰብ

ፋብሪካዎች ኦክስጅንን ለማምለጥ ወደ ሌላ ኢንዛይም ሄዱ፤ ግሉኮስ ዲሃይድሮጂኔዝ። ይህ ኤሌክትሮኑን ለኦክስጅን አይሰጥም። ደጋ ይሁን ቆላ፣ ኦክስጅን ላይ ያለ ይሁን የሌለ፣ ግድ የለውም። ችግሩ ይህ አንድ ኢንዛይም አለመሆኑ ነው። ረዳቱ ማን እንደሆነ ማየት አለባችሁ።

ረዳቱ ፒኪውኪው ከሆነ ዕቃውን መልሱት። ይህ ዓይነት ግሉኮስን ከማልቶስ፣ ከጋላክቶስና ከዛይሎስ አይለይም። በሆድ ዕቃ በኩል ለሚደረግ የኩላሊት እጥበት የሚውል አይኮዴክስትሪን የሚባል ፈሳሽ አለ። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ማልቶስን ጨምሮ ወደ ተመሳሳይ ስኳሮች ይፈርሳል። ማልቶስ የተጨመረባቸው በደም ሥር የሚሰጡ መድኃኒቶችም አሉ። እነዚህን የወሰደ ሰው ስኳሩ 30 ወርዶ መለኪያው 200 ሊል ይችላል። ከዚያ ኢንሱሊን ይጨመርለታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በነሐሴ እ.ኤ.አ. 2009 ያወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከ1997 እስከ 2009 ከእነዚህ ስትሪፖች ጋር የተያያዙ 13 ሞቶችን ጠቅሷል። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ኢንዛይሙን ቀይረዋል። ግን ስንቱ መሳቢያ ውስጥ የቆየ የልገሳ መለኪያ እንዳለ እናውቃለን።

ረዳቱ ኤፍኤዲ ከሆነ ጥሩ ነው። ማልቶስ አይነካውም፤ ኦክስጅንም አይነካውም። የሚያታልለው ዛይሎስ ነው፤ እሱም የሚገኘው ለአንጀት ምርመራ ዛይሎስ በጠጣ ሰው ላይ ነው። በእኛ ሆስፒታሎች ይህ ምርመራ ሲታዘዝ አላየሁም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በአንዳንዶቹ ወረቀት ላይ ፕራሊዶክሲም የሚባል መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አትጠቀሙ የሚል አለ። ይህ ለፀረ ተባይ መመረዝ የሚሰጥ ነው። ገበሬ አገር ስለሆነ የተመረዘ ሰው ይመጣልናል፤ መድኃኒቱ ከተሰጠ ስኳሩን በላብራቶሪ አሠሩት።

ረዳቱ ኤንኤዲ የሆነም አለ። እሱም ማልቶስንና ኦክስጅንን ያመልጣል። ለደም ማነስ የምናውቀው የሄሞኪው ፋብሪካ የስኳር መለኪያው በዚህ መንገድ ይሠራል። ከሁሉ የሚለየው ቀይ ሕዋሶቹን ኪዩቬቱ ውስጥ ማፍረሱ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ኪዩቬቱ ግን ከስትሪፕ ይልቅ አያያዝ ይፈልጋል።

ሕግ ያለ ልዩነት የለምና አንዱን ልጥቀስ። ስታትስትሪፕ የተባለው የኖቫ ባዮሜዲካል መለኪያ ኢንዛይሙ የግሉኮስ ኦክሲዴዝ ዓይነት ነው። ሆኖም ስትሪፑ ላይ ሄማቶክሪቱንና ሌሎች አዋኪዎችን ለብቻ የሚለኩ ተጨማሪ ጉድጓዶች አሉት፤ ማሽኑም ውጤቱን አርሞ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤፍዲኤ ለጽኑ ሕሙማን ጭምር እንዲውል የፈቀደው የመጀመሪያው መለኪያ እሱ ነው። ስለዚህ የኢንዛይሙ ስም ግማሹን ይነግራችኋል እንጂ ሁሉን አይነግራችሁም። ሌላው ግማሽ ቀጥሎ ያለው ነው።

ከኢንዛይሙ በላይ የሚጎዳው፦ ሄማቶክሪት

ለእኔ ከሁሉም አዋኪዎች የከፋው ይሄ ነው። ምክንያቱም ኢንዛይም ብትቀይሩም አይለቃችሁም።

ስትሪፑ የሚለካው ሙሉ ደም ነው፤ የሚነግራችሁ ግን የፕላዝማን ስኳር ነው። በመሃል ያለውን ልዩነት ፋብሪካው «የዚህ ሰው ሄማቶክሪት 42 አካባቢ ነው» ብሎ ገምቶ ያስተካክለዋል። ቀይ ሕዋሶች እንደ ጠጠር ናቸው። ፕላዝማው ወደ ኢንዛይሙ በነሱ መሃል ተሹለክልኮ ነው የሚደርሰው። ውሃቸውም ከፕላዝማ ያነሰ ነው። ጠጠሩ ሲያንስ መንገዱ ይከፈታል፤ ብዙ ግሉኮስ በቶሎ ይደርሳል፤ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ጠጠሩ ሲበዛ፣ ለምሳሌ ተቅማጥ ውሃውን የጨረሰው ወይም ስኳሩ ከፍ ብሎ የደረቀ ሰው ላይ፣ ቁጥሩ ዝቅ ይላል።

አሁን ወደ ልጅቷ እንመለስ። ሄማቶክሪቷ 14 ነው፤ ከ42 በ28 ነጥብ ያንሳል። ስትሪፑ ማረሚያ የሌለው ነው። ለአንድ ነጥብ አንድ ከመቶ ያህል ይዛባል እንበል። 38 የነበረው 28 ከመቶ ሲጨመርበት ወደ 49 ይወጣል። ስትሪፑ የግሉኮስ ኦክሲዴዝ ነበር፤ ኦክስጅኗ ደግሞ ወርዷል። ይህ ሌላ 15 ከመቶ ቢጨምር 56 ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ያየነው ቁጥር ይኸው ነው። ድርሻው በትክክል ይህ ነበር አልልም። ግን አስተውሉ፤ ሁለቱም ስሕተት ወደ አንድ ወገን ነው የሚገፋው፤ ወደ ላይ። ደም ማነስና የኦክስጅን እጥረት ደግሞ በከባድ ወባ ላይ አብረው ነው የሚመጡት።

ሲስተር ግሉኮሱን ወዲያው አዘጋጀች። ልጅቷ 12 ኪሎ ናት። የ10 ከመቶ ግሉኮስ በኪሎ 5 ሚሊሊትር፣ ማለትም 60 ሚሊሊትር ያስፈልጋል። መደርደሪያው ላይ የነበረው የ40 ከመቶ ስለሆነ 15 ሚሊሊትር ከሱ፣ 45 ሚሊሊትር የመርፌ ውሃ ተደባለቀ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የላብራቶሪው ውጤት 92 ሆነ፤ ልጅቷም እናቷን ጠራች።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ማታ ደም ተሰጣት። ጠዋት በዚያው ስትሪፕ ሲለካ ስኳሯ ከሌሊቱ ወርዶ ታየ። ነርሶቹ ደነገጡ። በእርግጥ የወረደው ስኳሯ ብቻ አልነበረም፤ ሄማቶክሪቷ ስለወጣ የስትሪፑ ስሕተት አንሶ ነው። ደም በተሰጠ ማግሥት የሁለት ቀን ቁጥሮችን ጎን ለጎን አታነጻጽሩ።

ወረቀቷ ላይ የሄማቶክሪት ክልል ተጽፏል። የቆዩት ከ30 እስከ 55 ይላሉ። አዳዲሶቹ ከ20 እስከ 60፣ አንዳንዶቹም ከ10 እስከ 65 ይላሉ። ለከባድ ወባ፣ ለወሊድ መድማት፣ ለቃጠሎ የምትገዙ ከሆነ ከ30 የሚጀምረውን አትውሰዱ። ከኢንዛይሙም በፊት ይህችን መስመር ነው የማነበው። ደጋ ስለሆንን የሁላችንም ደም ወፍራም ነው ብላችሁም አትገምቱ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል ካሉት ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝቷል። ደምን መለካት እንጂ መገመት አያዋጣም።

ጣቱ ራሱ ሲዋሽ

የደም ግፊቱ የወደቀ ሰው ጣት ላይ ደም አይዘዋወርም። የቆመው ደም ውስጥ ያሉ ሕዋሶች ግሉኮሱን እየበሉ ነው፤ አዲስ ደምም አይተካውም። ጣቱ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ያነሰ ያነባል። የትኛውም ኢንዛይም ይህን አያድነውም። ጣቱ ከቀዘቀዘና ተጭናችሁ ስትለቁት ቀለሙ ለመመለስ ከሦስት ሰከንድ በላይ ከወሰደ ጣቱን ተዉት፤ ከደም ሥር ቅዱ። ወረቀቱ ስትሪፑ የደም ሥር ደም እንደሚቀበል መናገሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ግሉኮስ ከሚወርድበት ክንድ ደግሞ ፈጽሞ አትቅዱ። 480 አይታችሁ ኢንሱሊን የምታዙት ለከረጢቱ ነው።

ቫይታሚን ሲ በብዛት በደም ሥር የተሰጠው፣ ወይም ፓራሲታሞል ከልክ በላይ የወሰደ ሰውም አለ። እነዚህ ራሳቸው ብረቱ ላይ ኤሌክትሮን ስለሚያራግፉ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ። ስትሪፕ ከስትሪፕ ይለያያል፤ መጠኑ በወረቀቷ ላይ አለ። ለትኩሳት የተሰጠ ተራ ፓራሲታሞል አያስፈራም።

ስለ አየር ጠባይም አንድ ቃል። ሸዋ ሮቢት ላይ መጋዘኑ ከ30 ዲግሪ ካለፈ ስትሪፑ ዝም ብሎ ይሞታል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ማሽኑ ስሕተት ብሎ አልሠራም ይላል፤ ብዙዎቹ ከ10 ዲግሪ በታች አይሠሩም። ኪስ ውስጥ አሙቁት።

ከመግዛታችሁ በፊት በግማሽ ቀን ፈትኑት

ወረቀቱ የሚለውን ማመን ጥሩ ነው። ማየት ይበልጣል። ላብራቶሪ ያለው ማንኛውም ሆስፒታል ሁለት ተወዳዳሪ ስትሪፖችን እንዲህ ሊያፋጥጥ ይችላል።

መጀመሪያ ከአንድ ጤነኛ ባልደረባ 6 ሚሊሊትር ደም በአረንጓዴ ክዳን የሄፓሪን ቱቦ ቅዱ። ሴንትሪፊዩጅ አድርጉና ፕላዝማውን ለብቻ አውጡ። ከዚያ መልሳችሁ ደባልቁ፤ አንዱ ቱቦ 0.15 ሚሊሊትር ሕዋስና 0.85 ፕላዝማ፣ ሁለተኛው 0.30 እና 0.70፣ ሦስተኛው 0.45 እና 0.55። የፕላዝማው ስኳር በሦስቱም አንድ ነው፤ የተለያየው ጠጠሩ ብቻ ነው። ሄማቶክሪታቸውን አረጋግጡ። ከያንዳንዱ ቱቦ በሁለቱም ስትሪፖች ሦስት ሦስት ጊዜ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። ጥሩ ስትሪፕ ሦስቱንም ቱቦ ተቀራራቢ ያነባል። ለምሳሌ 45ቱን 90 ብሎ 15ቱን 117 ካለ፣ 30 ነጥብ 30 ከመቶ አሳተው ማለት ነው። ለወባ ክፍል አይሆንም።

ሁለተኛው ፈተና የኦክስጅን ነው። ሌላ የሄፓሪን ቱቦ ደም ለሁለት ክፈሉ። አንዱን ክዳኑን ገጥማችሁ ተዉት። ሌላውን ሰፋ ባለ ቱቦ አየር እንዲነካው ደማቅ ቀይ እስኪሆን ቀስ ብላችሁ አንከባሉት፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። አረፋ አታውጡበት። ከዚያ ሁለቱን ለኩ። በደማቁ ቀይ ላይ ቁጥሩ ጉልህ ሆኖ ከወረደ ስትሪፑ ኦክስጅን ያማልለዋል። የኤፍኤዲው ንቅንቅ ማለት የለበትም።

ፍጠኑ። ያልተለየ ደም ስኳሩ በክፍል ሙቀት በሰዓት ከ5 እስከ 7 ከመቶ ይቀንሳል። ምሳ በልታችሁ ከተመለሳችሁ የለካችሁት መለኪያውን ሳይሆን ምሳችሁን ነው።

የኔ ምርጫ

ለድንገተኛና ለጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በተለይ ለደጋው፣ ኤፍኤዲ ያለው፣ ሄማቶክሪትን የሚያርምና ክልሉ ቢያንስ ከ20 የሚጀምር፣ የደም ሥር ደም የሚቀበል ስትሪፕ እወስዳለሁ። ስታትስትሪፕን የመሰለ የሆስፒታል ዕቃ ስትሪፑ ሳይቆራረጥ የሚቀርብ ከሆነ እሱ ይቀድማል። ካልሆነ ግን በሦስተኛው ወር ስትሪፕ አልቆበት ጌጥ ከሚሆን ማሽን ተራው ኤፍኤዲ ይሻለኛል።

«የዓለም አቀፉን ደረጃ ያሟላል» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አያሳምናችሁ። በካርቶኑ ላይ የምታዩት አይኤስኦ 15197 ለቤት ውስጥ መለኪያ የወጣ ነው። የ2013ቱ እትም የሚጠይቀው ከመቶ 95ቱ ውጤት ከ100 በታች ሲሆን በ15 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ ሲሆን በ15 ከመቶ ውስጥ እንዲገኝ ነው። 38 የሆነ ስኳር 53 ቢባልም እንግዲህ ደረጃውን አሟልቷል። ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሆስፒታል መለኪያዎች ያወጣው መመሪያ ጠበቅ ይላል፤ ከ75 በታች ሲሆን 12 ሚሊግራም ነው የሚፈቅደው።

ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ብቻ ካላችሁም ሥራ አይቆምም። እኛ ግድግዳው ላይ የለጠፍነው እንዲህ ይላል። ሄማቶክሪቱ ከ30 በታች ከሆነ፣ ኦክስጅኑ ከወረደ ወይም ኦክስጅን ላይ ከሆነ፣ ወይም ጣቱ ከቀዘቀዘ የመለኪያው ቁጥር ጊዜያዊ ነው፤ የላብራቶሪ ናሙና አብሮ ይወጣል። ከነዚህ አንዱ ያለበት ልጅ የሚያንቀላፋ ወይም የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ደግሞ ከ70 በታች ያለውን ሁሉ ያነሰ ስኳር ነው ብለን ውጤቱ እስኪመጣ ግሉኮስ እንሰጣለን። 70 መጽሐፍ ላይ ያገኘነው አይደለም፤ የስትሪፓችንን ስሕተት ለክተን የጨመርነው መጠባበቂያ ነው። የናንተ ስትሪፕ ሌላ ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል። ስክሪኑ LO ካለ ማንንም አትጠብቁ። HI ካለ ግን ኢንሱሊን ከመስጠታችሁ በፊት ከሌላው ክንድ ድገሙት፤ ጣቱም በሳሙና ታጥቦ። ማንጎ የላጠ ጣት HI ሲል አይቻለሁ።

አሮጌዎቹን መለኪያዎች አልጣልናቸውም። የስኳር ክትትል ክፍል ወረዱ። እዚያ የሚመጡት በእግራቸው የሚመጡ፣ ደማቸው የሞላ ሰዎች ናቸው፤ ቁጥሩም ለነሱ ልክ ነው። ጀርባቸው ላይ በፕላስተር «ለተኝቶ ታካሚ አይደለም» ብላ የጻፈችባቸው ሲስተር ናት።